ስም ሳይጠራ መዋጮ እንዴት ይታወሳል?
(በአባላት ስብሰባችን ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ገንዘብ ያዥ ሆኜ በየወሩ ስለምልክላችሁ የመዋጮ ማስታወሻ ነው። የድሮው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በቴሌግራም ቡድናችን ላይ «የወሩን መዋጮ እስካሁን ያልከፈላችሁ» ብዬ ስም ዘርዝሬ እለጥፍ ነበር። ሒሳብ ስማር የተማርኩት ተሰብሳቢ ገንዘብ በስም ይዘረዘራል ነው፤ እውነትም ይዘረዘራል፣ ግን በደብተር ውስጥ።

በሐምሌ ወር አንዲት እናታችን መዋጮዋን 200 ብር መንገድ ላይ ሰጠችኝ። ዝናብ ነበር፤ በቦርሳዬ ከተትኩት፣ ሳልጽፈው ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ስሟን ከሌሎቹ ጋር ለጠፍኩት። እሷ ምንም አላለችም። ሁለት ስብሰባ ቀረች። ቤቷ ስሄድ ከመሶቡ ሥር ደብተሯን አውጥታ «መዝጊያ ካለው ቁጠባዬን ስጡኝና ልውጣ» አለችኝ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ያፈረችው ግን እሷ ናት። ይቅርታ ጠይቄ ተመለሰች። መልእክቱን እንደገና የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስም መጥራቱ ከየት መጣ? ከእቁብ ይመስለኛል። በእቁብ አንዷ ካልከፈለች ዕጣ የወጣላት ሴት ያን ቀን ይጎድልባታል፤ ስለዚህ ጮክ ብሎ መጠየቁ ምክንያት ነበረው። የኛ ግን ቁጠባ ነው። የ80 ብር መዘግየት የሚያዘገየው ብድር ጠባቂዋን ነው፤ እሱም በደንባችን መፍትሔ አለው።

አሁን የምልከው ይህን ነው፤ ለእያንዳንዷ ለብቻዋ፣ ከስብሰባው አምስት ቀን አስቀድሞ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የኅዳር ወር መዋጮ 200 ብር ነው፤ የሚሰበሰበው ኅዳር 20 በስብሰባችን ላይ ነው። በደብተሬ በስምዎ የሰፈረው 120 ብር ነው፤ ቀሪው 80 ብር። ከእርስዎ ደብተር ጋር ካልገጠመ ይዘውት ይምጡ፣ አብረን እናየዋለን። በቀኑ የማይመችዎ ከሆነ እስከ ኅዳር 19 ይንገሩኝ፤ በደንባችን ያለ ቅጣት የአንድ ወር ጊዜ ይሰጣል።»

«አልከፈሉም» የሚለውን ቃል አውጥቻለሁ። «አልከፈሉም» ካልኩ ፍርድ ሰጥቻለሁ፤ «በደብተሬ የሰፈረው» ካልኩ ግን ስሕተቱ የኔም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንደ ሐምሌው። «እስካሁን» እና «አሁንም» የሚሉትም ወጡ፤ ቁጥር አይጨምሩም፣ ቁጣ ብቻ ነው የሚጨምሩት። «እርስዎ» ያልኩት ለሁሉም ነው። ለአንዷ አንቺ፣ ለሌላዋ አንቱ ብዬ ከጻፍኩ አንዷ ስልኳን ለጎረቤቷ ስታሳይ ነገር ይመጣል።

መልእክቱ ከፍላ ለጨረሰችም ይደርሳል፤ «ቀሪ የለም» ይላል። ለሰብሳቢያችንም፣ ለኔም። ለዘገየችው ብቻ ከተላከ የስልኩ ድምፅ ራሱ ስም መጥራት ይሆናል። ዘመዴን ወይም ባለ ሱቋን አፍሬ ዝም ብላትስ? ያም አድልዎ ነው፤ ቸርነት አይደለም።

ማንበብ ለማትችል እደውላለሁ፣ ያንኑ ቃል በስልክ እላለሁ፤ በኦሮምኛ ለሚቀላት በኦሮምኛ። በልጅ እጅ ወረቀት መላክ ቀርቷል፤ ልጅ ወረቀቱን መንገድ ላይ ያነበዋል።

በስብሰባ የማነበው ሪፖርትም ተቀይሯል። 24 ነን፤ በወር የሚጠበቀው 4,800 ብር ነው። ቀድሞ «ሦስት ሰዎች ቀርተዋል» እል ነበር። ስም አልጠራሁም ብዬ እኮራ ነበር፤ ግን 24 ሰው በተቀመጠበት ቤት «ሦስት» ሲባል ሁሉም ዙሪያውን ይቃኛል። አሁን «4,350 ገብቷል፣ 450 ብር ይቀራል» እላለሁ። ለሚረዱን ወገኖችም የሚሄደው ይኸው ቁጥር ነው። ዝርዝሩ በደብተሩ አለ፤ የቁጥጥር ኮሚቴው በፈለገ ጊዜ ያየዋል። አንድ ብር አልተሸሸገም።

መልእክቱ የማይፈታው ነገር አለ። ማሾዋ እስኪሸጥ እጇ ባዶ የሆነች ሴት የፈለገውን ያህል በጨዋ ቃል ብትጠየቅ ብር አይወጣትም። እሷ ከነገረችኝ ጊዜውን የምጨምረው እኔ አይደለሁም፣ ደንቡ ነው፤ ለኔ ቢተው ለወደድኳት እጨምር ነበር። ሁለት ወር ካለፈና ድምፅ ከሌለ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ይሄዳል፤ እነሱም ቤቷ ሄደው ያነጋግሯታል እንጂ ወደ ጉባኤ አያመጡትም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። መንገድ ላይ ብር ስትሰጡኝ ደብተሬን እስካወጣና እስክጽፍ ድረስ እጄን አትልቀቁ። ዝናብም ቢሆን።