ፎቶው ሲጠፋ ጽሑፉን ከየት እንገልብጥ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የጠፋ ፎቶ ነው። ባለታሪኳ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ከተማዋን ግን አልጠራም።

የ22 ዓመት ወጣት ናት፤ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ትወስዳለች። ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ የብልቃጡን ሌብልና የመመሪያውን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ አብረዋት የሚኖሩት ልጆች እንዳያዩባት ሌብሉን ልጣ፣ ወረቀቱንም ቀዳ ጣለችው። አንድ ቀን ጓደኛዋ ስልኳን ተቀብላ ፎቶ ስታገላብጥ ደነገጠችና ፎቶዎቹንም አጠፋቻቸው። ማን ይፈርድባታል?

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል አዲሱ ጤና ጣቢያ «የምትወስጂው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። የዝውውር ወረቀት አልያዘችም። ከትዝታዋ ስልኳ ላይ የጻፈችውን ለእኔ አሳየችኝ፦

```
Lamotrigine 30 mg
ከአይረን ክኒን 2 ሰዓት በኋላ መውሰድ
EXP 05/2027
```

ሦስቱም መስመር ችግር ነበረበት። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ብቻ አስታውሳ ቀሪውን ከኢንተርኔት ነው የሞላችው። የጻፈችው ስም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው! 30 ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን ሳይሆን በብልቃጡ ውስጥ ያሉት ክኒኖች ቁጥር ነው። በሌብሉ ላይ ጎልቶ የሚታይ ቁጥር ስለሆነ ዓይን እሱን ይይዛል።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ፎቶውን እንፈልግ» አልኳት። የጠፋ ፎቶ ወዲያው አይሞትም። ጉግል ፎቶስ ውስጥ Trash በሚለው ሥር፣ ባክአፕ የተደረገ ከሆነ 60 ቀን፣ ካልሆነ 30 ቀን ይቆያል። አይፎን ላይ Recently Deleted በሚለው ውስጥ እስከ 30 ቀን ይገኛል። የእሷ 40 ቀን አልፎት ነበር፤ ባክአፕም አልነበራትም። ግን ለወንድሟ በቴሌግራም ልካለት ኖሯል። ከስልኳ ጋለሪ ብታጠፋውም ቻቱ ውስጥ አለ።

አገኘነው። ከሌብሉ ላይ ስንገለብጥ እንዲህ ሆነ፦

```
Dolutegravir 50 mg
Lamivudine 300 mg
Tenofovir Disoproxil Fumarate 300 mg
```

አንዱ ክኒን ሦስት መድኃኒት ይዟል ማለት ነው። ስሞቹን በአማርኛ ፊደል አልጻፍናቸውም፤ ፋርማሲስቱ የሚያመሳስለው ከላቲኑ ጋር ስለሆነ። በአንዳንድ ብልቃጥ ላይ በ300 ፋንታ 245 የሚል ታገኛላችሁ። ስህተት አይደለም፤ ያው መድኃኒት ያለ ጨው ክፍሉ ሲመዘን ነው፤ አጠገቡ ያለው ስምም Fumarate የሚለውን አይጨምርም። ስለዚህ ቁጥሩን «ላርመው» ሳትሉ ከነስሙ እንዳለ ገልብጡት።

ዋናው ጣጣ የማስጠንቀቂያው መስመር ላይ ነበር። መመሪያው የሚለው ክኒኑን ከአይረን ወይም ከካልሲየም 2 ሰዓት በፊት፣ አለዚያም 6 ሰዓት በኋላ መውሰድ ነው። እሷ «2»ን ከ«በኋላ» ጋር አጋባችው። አይረኑ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን ይይዘውና ወደ ደም የሚገባው ያንሳል። ልጅቷ ደግሞ ደም ማነስ ስላለባት አይረን ትወስዳለች። ክኒኗን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የምትውጥ ከሆነ አይረኑን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት፣ ወይም ከሌሊቱ 4 ሰዓት በኋላ መውሰድ አለባት። (ሁለቱን ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድም ይቻላል። ይህ ለአይረንና ለካልሲየም ነው እንጂ ለጨጓራ ማስታገሻ አይሠራም።)

ቴሌግራም ፎቶውን ስላሳነሰው የመመሪያው ፎቶ ላይ አንድ ቁጥር 6 ይሁን 8 አልለይ አለን። አልገመትንም፤ ቦታው ላይ «አይነበብም» ብለን ጽፈን ሄድን። ፋርማሲስቷ የዚያኑ መድኃኒት ሌላ ወረቀት አውጥታ 6 መሆኑን አሳየችን።

ስንጽፍ የስልኩን ራስ አራሚ አጥፍተን ነበር፤ አለዚያ የማያውቀውን ስም በሚያውቀው ቃል ይለውጠዋል። ከጨረስን በኋላ እኔ ከፎቶው ፊደል በፊደል አነበብኩ፤ እሷ ከጻፍነው ላይ ተከታተለች። ቁጥሩን «ሦስት መቶ» አላልኩም፤ «ሦስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ» እንጂ። አንድ ዜሮ የተረሳው እንዲህ ሲነበብ ነው የሚታወቀው። mg እና mcg ላይም ቆም በሉ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በሺህ እጥፍ ያንሳል።

EXP 05/2027ን በትክክል ነበር የጻፈችው፤ ያነበበችው ግን «ጥር 2027» ብላ ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው፤ ወሩ ሜይ ነው። ቀን ካልተጻፈ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል፤ በእኛ ግንቦት 23 ቀን 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እሷ እንዳሰበችው ቢሆን ከሰባት ዓመት በላይ ታቆየው ነበር! ይህ ቀንና የባች ቁጥሩ ደግሞ የዚያ ብልቃጥ ብቻ ናቸው፤ አዲስ ብልቃጥ ስትቀበሉ እንደገና ይጻፋሉ።

ጤና ጣቢያው በጽሑፋችን ብቻ መድኃኒት አልሰጣትም፤ መስጠትም የለበትም። ስሞቹን ይዞ የቀድሞውን ጤና ጣቢያ በስልክ ጠየቀና ዝውውሯን አስጨረሰ። ጽሑፉ አሁን ስልኳ ላይ በይለፍ ቃል ተቆልፎ አለ፤ ርዕሱም «የቤት ኪራይ» ነው።