ጠዋት የመዘዝኩት ካርድ፣ ማታ የጻፍኩት መስመር

(በወርሃዊ የቡና ስብሰባችን ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)

ባለፈው ጊዜ ስለ ካርዶቼ ሳወራ ስትስቁብኝ፣ «እንግዲያው አንድ ቀን በወጉ ንገሪን» ብላችሁኝ ነበር። ዛሬ ቃሌን ልጠብቅ ነው የቆምኩት። ጥንቆላ ልታስተምረን መጣች ብላችሁ የምትሰጉ ካላችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ካርድ የሰውን ልብ ያውቃል ልል አይደለም። እንዲያውም አያውቅም። እኔ የማወራው በአዲስ ፍቅር መጀመሪያ ላይ በየቀኑ አንድ ካርድ እየመዘዝኩ ምን እንዳጠፋሁና በመጨረሻ ምን እንደጠቀመኝ ነው።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ኦራክል ካርድ የሚባሉት ሥዕል ያለባቸው የንባብ ካርዶች ናቸው። ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ እኔ የያዝኩት እዚህ ጀርመን አገር በጣም የተለመደውን የሌኖርማንድ ካርድ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ጀርመናዊት ናት የሰጠችኝ። ስሙ የተወሰደው ከ1772 እስከ 1843 ከኖረችው ፈረንሳዊት ካርድ አንባቢ ከማሪ አን ሌኖርማንድ ነው። ካርዶቹ ግን የእሷ ሥራ አይደሉም። እሷ ከሞተች በኋላ በዝነኛ ስሟ የተሸጡ ናቸው። መነሻቸው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኑርንበርግ ከተማ ውስጥ ዮሐን ካስፓር ሄክተል የሚባል ሰው ያወጣው «የተስፋ ጨዋታ» የሚባል የቤት መጫወቻ ነው። ዳይ እየጣሉ በሥዕሎቹ ላይ የሚሄዱበት፣ ልክ ልጆች እንደሚጫወቱት ያለ። ይህን ማወቄ ካርዱን ከመፍራት አድኖኛል።

ካርዶቹ 36 ናቸው። ሥዕላቸውም ከኑሮ የወጣ ነው፦ ፈረሰኛ፣ መርከብ፣ ቤት፣ ደመና፣ ቀበሮ፣ ውሻ፣ ግንብ፣ ተራራ፣ አይጦች፣ ልብ፣ ቀለበት፣ ደብዳቤ፣ መልሕቅ። ውሻ ታማኝ ወዳጅ ነው፤ ደመና ያልጠራ ነገር፤ አይጥ ቀስ በቀስ የሚበላ ጭንቀት፤ ተራራ እንቅፋት ወይም መዘግየት። ጠዋት በውዞ አንድ መምዘዝ፣ ማየት፣ መልሶ መክተት፤ ሌላ ሥርዓት የለውም።

ከተፋታሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቅሁ፤ ደግ፣ ዝምተኛ፣ ከእኔ በሦስት ዓመት የሚያንስ። ከመጀመሪያው ትዳሬ ከወጣሁ በኋላ ሰው ማመን ከብዶኝ ስለነበር በየጠዋቱ ቡናዬን ሳፈላ «ዛሬ ለእኔ ምን ይሰማዋል?» እያልኩ መምዘዝ ጀመርኩ። ባልደረባዬ «ቀኑንና ካርዱን ጻፊ» ስላለችኝ በትንሽ ደብተር ቀኑን፣ ካርዱንና ምን ማለት እንደመሰለኝ እጽፍ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቀበሮ መጣ። ቀበሮ ተንኮል ነው ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን ስልክ ደውዬለት አላነሳም። ማታ ሲደውል ሰላም እንኳ ሳልለው «የት ነበርክ? ከማን ጋር?» አልኩት። እሱ ደግሞ ተጨማሪ ፈረቃ ገብቶ ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ዝም አለ። ለአራት ቀን ድምፁ ቀዘቀዘ። «የፈሩት ይደርሳል» እንደሚባለው፣ የፈራሁትን ቅዝቃዜ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።

በኋላ ሌላ ነገር ተረዳሁ። በአንዳንድ አንባቢዎች ዘንድ ያው ቀበሮ ሥራን ነው የሚያመለክተው። ይህን ስሰማ «እንግዲያው ካርዱ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ሥራ ላይ ነበራ!» ብዬ ልገረም ስል ራሴን ያዝኩ። ጠዋት ተንኮል ብዬ አንብቤ፣ ማታ ነገሩ ሲገለጥ ሥራ ብዬ ከቀየርኩት፣ ካርዱ መቼም ሊሳሳት አይችልም። ሊሳሳት የማይችል ነገር ደግሞ ምንም አልነገረኝም ማለት ነው። በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለተማሪዎቹ ለየግላቸው የተዘጋጀ የጠባይ መግለጫ ነው ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሰጣቸው። ከ5 ነጥብ በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት፤ ልክ እኔን ነው አሉ። ሰፊ ቃል ለሁሉም ልክ ነው፤ ልክ ጸሎት ቤት በር ላይ እንደሚሰቀል ነጠላ፣ ማንም ይለብሰዋል።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። ተራራ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነበር። በ3ኛው ቀን «ትዕግሥት፣ መልካም ነገር አይቸኩልም» ብዬ ጽፌያለሁ። በ12ኛው ቀን «ሥራው ከብዶታል፣ ላግዘው» ብያለሁ። በ26ኛው ቀን ደግሞ «አንድ ነገር ደብቆኛል»። ካርዱ ያው ተራራ ነው፤ ሥዕሉ አልተለወጠም። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። የ26ኛው ቀን ዋዜማ ከቀድሞ ባሌ ስለ ልጄ መልእክት መጥቶልኝ ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። ደብተሩ ሲከታተል የከረመው የእሱን ስሜት ሳይሆን የእኔን ነበር።

ሦስት ጊዜ መምጣቱ ራሱ ምልክት አይደለም ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔም ጠይቄ ነበር። በልጄ ሒሳብ አሠራነው። ከ36 ካርድ በየቀኑ አንድ መዝዘሽ ከመለስሽ፣ በ8 ቀን ውስጥ ቢያንስ አንድ ካርድ የመደገሙ ዕድል ካለመደገሙ ይበልጣል። በ8 ሳምንት ደግሞ አንዳንዱ ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል፣ ወደ 7 የሚሆኑት ጭራሽ አይመጡም። ተራራው እየፈለገኝ አልነበረም።

ከዚያ ካርዱን አልጣልኩትም። አጠቃቀሙን ቀየርኩ። ለቀጣዩ 8 ሳምንት ደብተሩን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት። አንደኛው፣ ካርዱን ከመገልበጤ በፊት «አሁን ምን ይሰማኛል?» የሚለው ነው፤ አንድ መስመር ብቻ። ከመገልበጥ በፊት የሆነው ሆን ብዬ ነው፤ ካየሁ በኋላ ስሜቴ ካርዱን ይመስላልና። ሁለተኛው ካርዱና ያሳሰበኝ ነገር። ጥያቄውም ስለ እሱ መሆኑ ቀርቶ «ዛሬ በዚህ ግንኙነት ውስጥ እኔ ምን እያየሁ ነው?» ሆነ። ሦስተኛው ማታ የሚጻፍ ነው፦ በእርግጥ ምን ሆነ? ይመስለኛል፣ ሳይሆን አይቀርም የሚባል ቃል የለበትም። ደወለ፣ አልደወለም፣ መጣ፣ ቀረ፣ ይህን አለ።

አንድ ሕግም አወጣሁ፤ በቀን አንድ ካርድ፣ ድጋሚ የለም። ድሮ ያልወደድኩት ሲመጣ «ማብራሪያ» እያልኩ ሁለተኛና ሦስተኛ እመዝ ነበር። አንድ ጠዋት አምስት መዝዤ ለሥራ ዘግይቻለሁ። ይህን እንደ መለኪያ ያዙልኝ፦ ደግሜ ልምዘዝ የሚል ፍላጎት ሲመጣ ስለ ካርዱ አይደለም፣ ፍርሃቴ ዛሬ ከፍ ብሏል ማለት ነው። በእንደዚያ ቀን የመጀመሪያው ዓምድ ላይ «ደግሜ መምዘዝ አምሮኛል» ብዬ ጽፌ ካርዶቹን መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። በ8 ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዟል። በካርዱ ዓምድ ብትሄዱ ምንም አይገኝም፤ ከተሰረዘባቸው ቀኖች በአንዱ ልብ፣ በአንዱ መርከብ፣ በአንዱ ደመና ነበር የወጣው። በማታው ዓምድ ግን አምስቱም ከወሩ 20ኛ ቀን በኋላ ነበሩ። በወሩ መጀመሪያ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። የሰረዛቸውም ምግብ ቤት ወይም ሲኒማ የምንሄድባቸው ቀኖች ነበሩ፤ ቤቴ ሽሮ በልተን የምንውልበትን እሑድ አንድም ጊዜ አልሰረዘም።

እሑድ ቡና አፍልቼ፣ ደብተሩን ሳላወጣ፣ እንዲህ አልኩት፦ «ወር ሲያልቅ ስትቀር አየሁ። ልወቅስህ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ልወቅ።» ሲኒውን አስቀምጦ ቆየ። እናቱ አገር ቤት የኩላሊት እጥበት ላይ ናቸው። ደሞዙን ሲቀበል ይልካል፤ ወሩ ሲገባደድ ለአንድ ቡና የሚከፍለው አይተርፈውም። «አንቺ እንድትከፍይልኝ አፈርኩ» አለኝ። እኔ «ደብቆኛል» ብዬ ነበር፤ እውነትም ደብቆኝ ነበር። ግን የደበቀው ሌላ ሴት ሳይሆን ኀፍረት ነበር። ይህን የትኛውም ካርድ ሊነግረኝ አይችልም ነበር፤ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ታላቃችን ባለፈው «ልጄ፣ እኛም ስኒ እናነብ ነበር፣ ሰው በአውደ ነገሥት ስም ያስቆጥር ነበር፤ ምን ለየው?» ብለውኛል። እማማ፣ ልክ ነዎት፣ በዚያ በኩል ምንም አይለየውም። ለአንባቢ የሚከፍል ሰው ስለ ሌላው ሰው መልስ ይፈልጋል። እኔ የያዝኩት ስለ ራሴ የምጽፍበት ምክንያት ነው። ካርድ መንካት ከእምነቷ ጋር የሚጋጭባት እህት ካርዱን ትታ ሁለቱን ዓምዶች ብቻ፣ የጠዋቱንና የማታውን፣ መያዝ ትችላለች። እውነቱን ለመናገር የሠሩት እነሱ ናቸው። የካርዱ ጥቅም በየጠዋቱ ደብተሩ አጠገብ እንድቀመጥ ማድረጉ ነው።

ወሰኑንም ልናገር። በማታው ዓምድ ላይ «ጮኸብኝ»፣ «ስልኬን ወሰደ»፣ «ደሞዜን ጠየቀኝ»፣ «ገፋኝ» የሚል ቃል ከታየ፣ በዚያ ቀን ልብ ወይም ቀለበት ወጣ አልወጣ ዋጋ የለውም። በመጀመሪያው ትዳሬ ካርድ አልነበረኝም፤ ሕልም ነበረኝ፣ መልካም ሕልም ባየሁ ቁጥር አንድ ወር እጨምር ነበር። ጀርመን ውስጥ ላላችሁ 116016 በነጻ፣ ቀንም ሌሊትም የሚመልስ የሴቶች የእርዳታ ስልክ ነው፤ በተለያዩ ቋንቋዎች አስተርጓሚ አላቸው። ወይም ለእኛ ለእህቶቻችሁ ንገሩን።

ከእሱ ጋር አሁንም አብረን ነን። ከ20ኛው በኋላ ያሉት ቀጠሮዎቻችን ሁሉ እኔ ቤት ሆነዋል። ካርዱን ዛሬ ጠዋትም መዝዣለሁ፤ ግንብ ነው የወጣው። ከመገልበጤ በፊት የጻፍኩት ግን «እናንተ ፊት መቆም ፈርቻለሁ» የሚል ነበር። የማታውን መስመር ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ።