ድምሩ ልክ ሆኖ ሪፖርቱ ሲሳሳት

(ለክሊኒክ ባልደረቦች በተዘጋጀ የሪፖርት አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በየወሩ ስለምንሞላው የበሽታዎች ሪፖርት ነው። ከዕለታዊ የቆጠራ ቅጾች ተደምሮ፣ በዕድሜ ክልልና በጾታ ተከፋፍሎ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚላከው ቅጽ ማለቴ ነው። ስለ አሠራሩ ከማብራራቴ በፊት ግን እኔ ራሴ ፈርሜ ያሳለፍሁትን አንድ ስሕተት ልንገራችሁ። የምለው ሁሉ ከዚያ የተማርሁት ነውና።

በምከታተለው ፕሮጀክት ውስጥ አንድ ትንሽ የገጠር ክሊኒክ አለ። የጥቅምት ወር ሪፖርቱ ሲደርሰኝ እንደ ልማዴ የጎንና የታች ድምሮቹን አመሳከርሁ። ሁሉም ልክ ነበር። ፈረምሁ፤ የሚቀጥለውን ወር የመድኃኒት ግዢም በዚያው ሪፖርት ላይ ተመሥርቼ አዘጋጀሁ። ኅዳር ሳይጋመስ ለሕፃናት የሚሰጠው፣ በውኃ የሚሟማው የአሞክሲሲሊን ኪኒን አለቀ። እናቶች በሳንባ ምች የሚያቃስቱ ልጆቻቸውን አዝለው ራቅ ወዳለው ጤና ጣቢያ ለመሄድ ተገደዱ። መድኃኒት ቤቷን የምትይዘው እኅት፣ “እኛ የሰጠነው ለዚህ ሁሉ ሕፃን ነው፤ እናንተ የላካችሁት ግን ለግማሹ ነው” ብላ መዝገቧን ስትዘረጋልኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ስሕተቱ የት እንደተደበቀ ለማየት የሪፖርቱን መንገድ ከመነሻው እንከተል።

ሕመምተኛው ሲመረመር ስሙ፣ ዕድሜው፣ ጾታውና የምርመራ ውጤቱ በተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ይጻፋል። በዕለቱ መጨረሻ ባለሙያው ያንን መዝገብ እያነበበ በዕለታዊው የቆጠራ ቅጽ ላይ ጭረት ያሰፍራል። በቅጹ የጎን መስመሮች ላይ በሽታዎቹ ተዘርዝረዋል፤ በዐምዶቹ ራስጌ ደግሞ የዕድሜ ክልሎቹ ወንድና ሴት ተብለው ተከፍለዋል። በዚያ ክሊኒክ የሚሠራበት ቅጽ ስድስት ክልሎች አሉት፦ ከ1 ዓመት በታች፣ ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 29፣ ከ30 እስከ 64፣ እና 65 ዓመትና ከዚያ በላይ። አራት ጭረት ቆሞ አምስተኛው አግድም ሲያስረው አምስት ይሆናል። የሪፖርቱ ወር ካለፈው ወር 21ኛ ቀን ጀምሮ እስከ ወሩ 20ኛ ቀን ይዘልቃል። ስለዚህ የጥቅምት ሪፖርት ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 20 ያሉትን ቅጾች ይሰበስባል፤ የእያንዳንዱ ሣጥን ጭረት ከቅጽ ቅጽ ተደምሮ በወርኃዊው ቅጽ ላይ በአኃዝ ይጻፋል።

አሁን የዚያን ወር የሳንባ ምች መስመር ብቻ ነጥለን እንይ። ቁጥሮቹን ለትምህርት እንዲያመቹ ቀለል አድርጌአቸዋለሁ፤ የስሕተቱ መልክ ግን ያው ነው። ከ1 ዓመት በታች 1 ወንድና 1 ሴት፤ ከ1 እስከ 4 ዓመት 7 ወንድና 6 ሴት፤ ከ5 እስከ 14 ዓመት 9 ወንድና 8 ሴት፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት 2 ወንድና 3 ሴት፤ ከ30 እስከ 64 ዓመት 3 ወንድና 2 ሴት፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ 2 ወንድና 2 ሴት። ወንዶቹ 24፣ ሴቶቹ 22፣ በጠቅላላው 46 ናቸው። በዕድሜ ብትደምሩትም፣ በጾታ ብትደምሩትም 46 ነው። እኔም የፈረምሁት ይህን አይቼ ነበር።

ድምሩን ትቶ ቅርጹን ላየ ሰው ግን መስመሩ ይጮኻል። የሳንባ ምች አጥብቆ የሚያጠቃው ሕፃናትን ነው። በዚህ መስመር ላይ ግን ከ1 ዓመት በታች ያሉት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ ለትምህርት የደረሱት ልጆች 17 ናቸው። ይህ በአንድ ወር ሊሆን አይችልም አልልም፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ መታለፍ አልነበረበትም።

መዝገቡን ስናወጣ ምክንያቱ ተገለጠ። በዕድሜ ዐምድ ላይ “8”፣ “6”፣ “11” ተብሎ ተጽፏል፤ ወር ይሁን ዓመት አልተባለም። እናቲቱን የጠየቀው ሠራተኛ ስምንት ወር መሆኑን ያውቃል፤ ሕፃኑን በዐይኑ አይቶታልና። ማታ ጭረት የሚያሰፍረው ሌላው ባልደረባ ግን የሚያየው አኃዙን ብቻ ነው። ስምንትን ከ5 እስከ 14 በሚለው ሣጥን ውስጥ ጨመረው። ከሁሉ የሚገርመው “18” የተባለው ነው፤ ገና ዳዴ ማለቱን የተወ የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ከወጣቶች ጋር ተቆጥሮ ተገኘ።

እውነተኛውን ዕድሜ ያገኘነው ከሕሙማኑ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ ክብደት ተጽፏል፤ 7 ኪሎ የሚመዝን ልጅ የስምንት ዓመት ልጅ ሊሆን አይችልም። ከ17ቱ ውስጥ 6 ወንዶችና 5 ሴቶች ከ1 ዓመት በታች ሆነው ተገኙ። ባለ “18”ቱ ወንድ ልጅም ከ1 እስከ 4 ወዳለው ክልል ተመለሰ። ስለዚህ ከ1 ዓመት በታች 7 ወንድና 6 ሴት፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት 8 ወንድና 6 ሴት፣ ከ5 እስከ 14 ዓመት 3 ወንድና 3 ሴት፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት 1 ወንድና 3 ሴት ሆኑ፤ የቀሩት አልተነኩም። ደምሩት፤ ወንዶቹ አሁንም 24፣ ሴቶቹም 22፣ ጠቅላላውም 46 ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ግን ከ15 ወደ 27 ከፍ አሉ። በውኃ የሚሟማው ኪኒን ያጠረው ለእነዚያ 12 ሕፃናት ነበር። በሪፖርቱ ላይ ኪኒን የሚውጡ ትልልቅ ልጆች ተብለው ነበርና፣ እኔም በእነርሱ ስም የገዛሁት ካፕሱል ነበር።

ከዚህ የምንማረው እያንዳንዱ ማመሳከሪያ ማየት የሚችለውና የማይችለው ነገር እንዳለው ነው።

የመጀመሪያው ማመሳከሪያ ድምር ነው። ድምር የመደመር ስሕተትን ይይዛል፤ አንድ ሰው ከሣጥኑ ወጥቶ በሌላ ሣጥን ቢቀመጥ ግን አያውቅም። የጠፋ ቅጽንም አያውቅም፤ 25 ቅጾችን በትክክል ብንደምር ድምሩ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ከመደመራችን በፊት ቅጾቹን እንቁጠር። ክሊኒኩ እሑድ ብቻ የሚዘጋ ከሆነና በ30ው ቀን ውስጥ አራት እሑዶች ካሉ 26 ቅጾች መገኘት አለባቸው። ሕመምተኛ ያልመጣበት ቀንም ቢሆን ቀኑ ተጽፎበትና “0” ተብሎ ይቀመጥ፤ ባዶ ቀንና የጠፋ ቀን እንዲለዩ።

ሁለተኛው እንደገና መቁጠር ነው። ከወርኃዊው ሪፖርት 12 ያህል ሣጥኖች በዕጣ ይመረጡና እያንዳንዱ ከመዝገቡ ላይ ተቆጥሮ ይመሳከራል። ይህ ብዙ ነገር ይይዛል። በድጋሚ ለዚያው ሕመም የመጣ ሰው እንደ አዲስ ታማሚ ተቆጥሮ ከሆነ በዚህ ይገለጣል። በጾታ ዐምዱ ምንም ሳይጻፍ ቀርቶ ቆጣሪው ከስም ገምቶ ከሆነም ይታያል፤ ደስታ የሚባል ወንድም፣ ደስታ የምትባል ሴትም እንዳለች ሁላችን እናውቃለን። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት በሽታ ቢገኝበት በሁለት መስመር ጭረት ያገኛል፤ ስለዚህ የበሽታዎቹ ድምር ከታካሚዎቹ ቁጥር ቢበልጥ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ዳግም ቆጠራም ወሰን አለው። መዝገቡ ራሱ “8” ብሎ ከሆነ፣ መቶ ጊዜ ብንቆጥረው ያው ስምንት ነው። የእኛ ስሕተት ይህንንም ፈተና ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ሦስተኛው የውጭ ምስክር ያስፈልጋል፤ ለሪፖርቱ ሲባል ያልተጻፈ ሌላ ጽሑፍ። የመድኃኒት ቤቱ መዝገብ እንዲህ ያለ ምስክር ነው። የሚሟማውን ኪኒን የወሰዱ ሕፃናት 27 ሆነው ሪፖርቱ 15 ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ወይም ኪኒኑ ለሌላ ሕመም ተሰጥቷል። የትኛው እንደሆነ ካርድ አውጥቶ ማየት ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ የላቦራቶሪው መዝገብ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ከቀደመው ወር ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል፤ በመስከረም ግን ተጠንቀቁ። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ሲቆጠር ጳጉሜን መካከል ስለሚገባ ሪፖርቱ የ35 ወይም የ36 ቀን ነው። በነሐሴ ሪፖርት 60 የነበረ የወባ ቁጥር በመስከረም 70 ቢሆን፣ በቀን ሲካፈል ሁለቱም 2 ነው። ወረርሽኝ ብለን ከመጻፋችን በፊት በቀን እናካፍል።

ክሊኒኩ ካስተካከላቸው ነገሮች ዋናው ቀላል ነው። በዕድሜ ዐምድ ላይ ባዶ አኃዝ መጻፍ ቀርቷል፤ “8 ወር” ወይም “8 ዓመት” ተብሎ በሙሉ ይጻፋል፤ አሃዱ ያልተጻፈበትን መስመር ቆጣሪው አይገምትም፤ ወደ መርማሪው ይመልሰዋል። የተሳሳተው ሪፖርትም አልተደበቀም። የድሮው አኃዝ እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ተሰረዘ፤ አዲሱ ከጎኑ ተጻፈ፤ ያረመው ሰው ፈረመበት፤ የታረመውም ቅጽ ለወረዳው ተላከ። በሪፖርቱ ላይ የእኔም ፊርማ ነበረበትና ከእርማቱ ሥር እኔም ፈረምሁ።

የዚህን ወር ቅጽ ከመላካችሁ በፊት የሳንባ ምች መስመሩን ብቻ አውጡና ከ1 ዓመት በታች ያሉትን ከ5 እስከ 14 ካሉት ጋር አስተያዩ። ቅርጹ ካልጣማችሁ መዝገቡን ክፈቱ።