ዝም ያለውን እንግዳ ማናገር

እሷ፦ ለዓርቡ ወርክሾፕ 40 ሰው ጠርተን የመለሱት 14 ናቸው። ሆቴሉ ደግሞ የምሳውን ቁጥር ረቡዕ ጠዋት ይፈልጋል።

እሱ፦ ጥሪው ላይ ምን ብለሽ ነበር?

እሷ፦ «በተቻለ ፍጥነት ያሳውቁን»።

እሱ፦ እሱማ ቀን አይደለም! «እስከ ሰኞ ቀን 6 ሰዓት ያሳውቁን፤ ለሆቴሉ የምሳ ቁጥር እንሰጣለን» ብትዪ ኖሮ ምክንያቱ ይታያቸው ነበር። ዝም ያሉትን ለመጠየቅም ማክሰኞ ሙሉ ቀን ይተርፍሽ ነበር።

እሷ፦ አሁንስ? «ለምን አልመለሱም?» ልበል?

እሱ፦ ኧረ! ሰው ወቀሳ ሲሸተው ጭራሽ ይጠፋል። ለየብቻ፣ በስማቸው ጻፊ፦ «ወንበርዎን ይዘናል። እስከ ነገ 6 ሰዓት ‹እመጣለሁ› ወይም ‹አልመጣም› ይበሉን፤ ካልሰማን ለተጠባባቂ እንሰጠዋለን።»

እሷ፦ «እግዜር ካለ» ብሎ የመለሰውስ?

እሱ፦ እሱ በጽሑፍ አይለይም፤ ደውይለት።