ሁለት ደመወዝ፣ አንድ ግብር

ሰላም፦ አሜሪካ ሁለት ሥራ የሚሠሩ አድማጮቻችን ሁለቱም ቀጣሪዎች ግብር እየቆረጡ ለምን ዕዳ ይመጣባቸዋል?

ዳዊት፦ አንዱ ቀጣሪ የሌላውን ደመወዝ አያውቅማ! ሁለቱም ከግብር ነፃ የሆነውን መጠን ይቀንሳሉ፤ ሕጉ ግን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅደው።

ሰላም፦ እስቲ በቁጥር አሳየን።

ዳዊት፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ያላገባ ሠራተኛ ከየሥራው 30,000 ዶላር አገኘ እንበል። ነፃው 14,600 ነው። እያንዳንዱ ቀጣሪ 1,616 የፌዴራል ግብር ይቆርጣል፤ ድምሩ 3,232።

ሰላም፦ ትክክለኛውስ?

ዳዊት፦ ከ60,000 ላይ 14,600 አንዴ ቀንሺ፤ 45,400 ይቀራል። የመጀመሪያው 11,600 በ10 በመቶ፣ የተረፈው በ12 በመቶ ሲሰላ 5,216 ነው። ጉድለቱ 1,984።

ሰላም፦ ቀድሞ ማስቆረጥ አይሻልም?

ዳዊት፦ ይሻላል። ደመወዞቹ ከተቀራረቡ፣ በሁለቱም ሥራ የደብሊው-4 ቅጽ ደረጃ 2 ላይ ባለው ሳጥን ምልክት ማድረግ ነው።