የሚመልስ ሰርቨር ሁሉ ደኅና አይደለም



በፈቃደኞች የሚተዳደር የማይንክራፍት ሰርቨር በቆመ ቁጥር ወሬውን ለአስተዳዳሪው የሚያደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቾቹ ናቸው። መቆጣጠሪያ ተተክሎ እያለም ይኸው ይደርሳል፤ ምክንያቱም መሣሪያው የሚያቀርበው ጥያቄ የተሳሳተ ነው።

የተለመደው መቆጣጠሪያ በፖርት 25565 በኩል የሰርቨሩን ሁኔታ በየደቂቃው ይጠይቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን የኔትወርኩን ጉዳይ የሚያከናውነው የሥራ ክር እንጂ፣ የጨዋታውን ዓለም በሰከንድ 20 ጊዜ የሚያራምደው ዋናው ክር አይደለም። ስለዚህ ዋናው ክር ደንዝዞ ሳለ፣ የኔትወርኩ ክር በመጨረሻ የተመዘገበውን የተጫዋቾች ቁጥር ይዞ «አለሁ» ማለቱን አያቋርጥም።

እንግዲህ ምርመራው ዋናውን ክር ራሱን ማናገር ይኖርበታል። በአርኮን የሚላክ ትእዛዝ የሚፈጸመው በዚሁ ክር ላይ በመሆኑ፣ `list` ለሚለው ትእዛዝ በ10 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልተገኘ ጨዋታው ለመቆሙ በቂ ምልክት ነው። አርኮን የይለፍ ቃሉን ሳያመሰጥር ስለሚልክ ፖርቱን ለውጭ መክፈት አይገባም። ምርመራው እዚያው በሰርቨሩ ላይ ይካሄድና፣ ሲሳካ ብቻ በሌላ ቦታ ለሚገኝ መቆጣጠሪያ በየደቂቃው የልብ ምት ይላካል፦

```
* * * * * timeout 10 mcrcon list && curl -fsS -m 10 "$URL"
```

የይለፍ ቃሉ `MCRCON_PASS`፣ የመቆጣጠሪያው አድራሻ ደግሞ `URL` በሚሉት ተለዋዋጮች አስቀድሞ ይመዘገባል። የውጭው መቆጣጠሪያ ምቱ ለ3 ደቂቃ ከጠፋበት ደወል ያሰማል።

ለምሳሌ ከምሽቱ 2፡10 ምቱ ደርሶ፣ ከ20 ሰከንድ በኋላ ዲስኩ አልጽፍ ብሎ ዋናው ክር ቆመ እንበል። የሰርቨሩ የራሱ ጠባቂም `max-tick-time` በ`-1` ስለተሞላ ተሰናክሏል። በ2፡11 እና በ2፡12 ምት አይላክም፤ በ2፡13 ደወሉ ይደውላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያ የተለመደው መቆጣጠሪያ «ደኅና ነው» እያለ ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም መሥመሩ ቢቋረጥም ዝምታው ያንኑ ይናገራል፤ አንድ ምት ብቻ ቢጠፋ ግን ማንም ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም። ይሁን እንጂ ምቱ ወደ ውጭ እየወጣ የተጫዋቾች መግቢያ ሊዘጋ ስለሚችል፣ የቀድሞው የውጭ ጥያቄም አብሮ መቀጠል አለበት።

በጨዋታው ውስጥ ያለ ተጫዋች ግን ከሰርቨሩ አንዳች ሳይደርሰው 30 ሰከንድ ካለፈ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ደወሉ እርሱን አይቀድመውም። እርሱን መቅደም የሚቻለው መድከምን ከመቆም በፊት በመለካት ነው። ከ1.20.3 እትም (2023 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚገኘው `tick query` አንዱ እርምጃ በአማካይ የፈጀውን ጊዜ ይነግራል። ይህ ጊዜ ለ5 ተከታታይ ደቂቃዎች ከ50 ሚሊሰከንድ ከበለጠ ጨዋታው መጎተት ጀምሯል ማለት ነው፤ ለአስተዳዳሪው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ መላክ ያለበትም በዚያን ጊዜ ነው።