በቤት ውስጥ ለሚሠራ የልብስ ስፌት የብድር ዕቅድ እንዴት ይጻፋል?
(ወገዳ ላይ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ የተሰጠ ንግግር)



የሒሳቡና የድንኳኑ ነገር አልቋል፤ እንግዲህ ጥቂት ጊዜ ስጡኝና ስለ አንዲት ወረቀት ልንገራችሁ። ከአባሎቻችን መካከል፣ ይልቁንም ከሴቶቹ፣ ቤታቸው ሆነው ልብስ ለመስፋት የሚያስቡ አሉ። መኪና መግዣ ብድር ሲጠይቁ «የሥራ ዕቅድሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ነይ» ይባላሉ። ወረቀቱ ሲታይ ታዲያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መግቢያ ነው፤ ስለ ሥራ ጥቅም፣ ስለ አገር ዕድገት ይተነትናል። አበዳሪው ግን ሊያውቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ክር ተገዝቶ፣ ቤት በልቶ፣ በወሩ መጨረሻ ለብድሩ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ይቀራል ወይስ አይቀርም? ገጹ የተፈለገው ለዚሁ ነው።

በክልላችን አነስተኛ ብድር አዲስ ነገር አይደለም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሁላችንም አብቁተ የምንለው፣ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን በ2022 ወደ ባንክነት ተለውጦ ፀደይ ባንክ ተብሏል። አብቁተ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የቡድን ዋስትናውን ነው፤ አንዱ ሲያጎድል ሌላው ይጠየቃል። እንዲህ ባለ ብድር የአንዷ ዕቅድ ሐሰት ከሆነ የጎረቤቷ በግ ይሸጣል ማለት ነው። ስለዚህ በቡድን የምትገቡ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት አንዳችሁ የሌላውን ገጽ አንብቡ።

አሁን አንዲት እኅታችንን እናስብ፤ ስም አልሰጣትም። መስፋት ታውቃለች፤ በሰው መኪና ተለማምዳለች። የምጠራውን ዋጋ ለማስያ ብቻ ያዙልኝ፤ ገበያው ዛሬ አንድ ነገር ነገ ሌላ ነው፤ እያንዳንዳችሁ በዕለቱ ዋጋ ትተካላችሁ። በእግር የሚሠራ የስፌት መኪና 18,000 ብር፤ መቀስ፣ ሜትር፣ የከሰል ካውያና መቁረጫ ጠረጴዛ 4,000 ብር፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ክር፣ መርፌና ቁልፍ 2,000 ብር፤ በድምሩ 24,000 ብር። ከቁጠባዋ 4,000 ብር አላት፤ ስለዚህ የምትጠይቀው 20,000 ነው።

እዚህ ላይ ጨርቅ እንዳልጠራሁ ልብ በሉ። ብዙ ጀማሪ «ካልቀረስ ጣቃ ጨርቅም ልግዛበት» ብሎ ብድሩን ከፍ ያደርጋል። በእኛ አገር ሰው ጨርቁን ከገበያ ራሱ መርጦ ገዝቶ ነው ለልብስ ሰፊ የሚያመጣው፤ የሚከፍለውም የስፌቱን ነው። ሰፊዋ ጨርቅ ከገዛች ገንዘቧ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ያልተወደደ እንደሆነማ እዚያው ይከርማል። ወለዱ ግን አይከርምም፤ በየወሩ ይቆጠራል። ለመጀመሪያው ዓመት ጨርቁን ለነጋዴው ብትተውለት ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ቀን ነው፤ ብዙ ዕቅድ የሚሰናከለው እዚህ ነው። «በቀን ሁለት ቀሚስ፣ በወር ሠላሳ ቀን፣ ስልሳ ቀሚስ» ተብሎ ይጻፋል። ኧረ የትኛው ሠላሳ ቀን? እሑድ አራት ነው። ቅዳሜን የሚያከብር ቤት ከሆነ ሌላ አራት ይወጣል። ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለ እግዚአብሔር አለ፤ የእስልምና ተከታይ የሆነችውም እንዲሁ የራሷን በዓል ታስላ። የገበያ ቀን አለ። ደግሞስ የዕድር አባል አይደለችም? ቀብር ሲሆን መኪናውን ከድና ትወጣለች፤ ካልወጣች የምንቀጣት እኛው ነን። ይህ ሁሉ ሲቀነስ 16 የሥራ ቀን ከተረፈ መልካም ነው። ከዚያም ላይ እንጀራው፣ ውኃው፣ ልጁ አለ፤ በቀን ግማሹን ብትሰፋ ነው። አንድ ተራ ቀሚስ ለጀማሪ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በደህና ወር 14 አዲስ ልብስ፣ በመካከሉ 20 ያህል ጥገና፣ ማለትም ዚፕ መቀየር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ የተተረተረ መጥቀም፣ ብለን እንያዝ።

ለአንዱ አዲስ ስፌት 300 ብር ብታስከፍል 4,200 ይሆናል። ጥገናው በ40 ብር 800 ነው። ድምሩ 5,000 ብር። ለክር፣ ለመርፌ፣ ለመኪና ዘይትና ለከሰል 700 ሲወጣ 4,300 ይቀራል።

አሁን ወደ ብድሩ እንምጣ። ወለዱን በዓመት መቶ 18 ነው ብለን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ጊዜው 12 ወር ነው። ወለዱ ከመጀመሪያው 20,000 ላይ ለዓመቱ ሙሉ የሚታሰብ ከሆነ 3,600 ብር ይመጣል፤ በወር የምትከፍለው 1,967 ብር ገደማ ነው። በየወሩ ከቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን ዋናውን በየወሩ እኩል እየከፈለች የዓመቱ ወለድ 1,950 ብር ነው። ልዩነቱ 1,650 ብር፣ ማለት የአምስት ቀሚስ ተኩል ስፌት ነው። የሚያሳስተው ደግሞ የመጀመሪያው ወር ክፍያ በሁለቱም መንገድ ያው 1,967 መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ወር ብቻ ጠይቆ የሚመለስ ሰው ልዩነቱን አያየውም። ስለዚህ ጥያቄው «የመጨረሻው ወር ክፍያዬ ስንት ነው?» መሆን አለበት። የመጀመሪያውና የመጨረሻው እኩል ነው ከተባለች እዚያ ላይ አትቁም፤ «ዓመቱን ሙሉ የምከፍለው ተደምሮ ስንት ነው?» ትበል። ደግሞም ብድሩ ሲሰጥ ለቁጠባ ወይም ለአገልግሎት ተብሎ የሚቀነስ ካለ አስቀድማ ትወቅ፤ 20,000 ተፈርሞ 19,000 እጅ ከገባ የጎደለው ከመኪናው ዋጋ ላይ ነው የሚጎድለው።

ከበድ ያለውን ስሌት ይዘን እንቀጥል፤ በወር 1,967። ከ4,300 ላይ ሲቀነስ 2,333 ብር ይቀራል። ለቤት 1,200 ብታወጣ 1,133 ይተርፋታል። ይህን ያየ ሰው «በቃ፣ ሥራው ያዋጣል» ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ገና ነው።

ሐምሌና ነሐሴ አሉ። በክረምት የገበሬው ጎተራ ጎድሏል፣ ሠርግ የለም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጥቂት ነው። በወር 3 አዲስ ልብስና ያው 20 ጥገና ብታገኝ 1,700 ብር ነው። ወጪው 300 ሲወጣለት 1,400፤ ለቤት 1,200 ሲነሣለት 200 ብር ይቀራል። ክፍያው ግን ያው 1,967 ነው። በወር 1,767፣ በሁለቱ ወር 3,534 ብር ጎደለ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አስቀድሞ ካልታሰበበት ከአራጣ አበዳሪ ይመጣል፤ ወይም መኪናው ይሸጣል።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከአራት ደህና ወሮች በየወሩ 884 ብር ገደማ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ከ1,133ቱ ላይ ይቻላል። ሁለተኛው፣ እኔ ይበልጥ የማምንበት፣ ብድሩ የሚወሰድበት ወር ነው። በጥቅምት የወሰደች ሰው የመጀመሪያ ክፍያዋ ኅዳር ላይ ይውላል፤ ጤፉ ይታጨዳል፣ ገና አለ፣ የጥር ሠርግ አለ፣ ከዚያም ለፋሲካ የሚያሰፋው ይመጣል። ሐምሌ ሲደርስ ዘጠነኛ ክፍያዋ ነው፤ ደንበኛም ቋጥራለች፣ ተቀማጭም ይዛለች። በግንቦት የወሰደችው ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍያዋ በክረምቱ ላይ ነው፤ ደጃፏን እንኳ ሰው ገና አላወቀውም። አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት እጅ፣ አንድ ዓይነት ብድር፤ የለያያቸው ወሩ ነው።

ስለ ዱቤ ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ፤ ባለ ዕዳዎቹ እኛው ነንና። ጎረቤት «ለበዓሉ ስፊልኝ፣ እህል ስሸጥ እሰጥሻለሁ» ሲላት እምቢ ማለት ይከብዳታል። ነገር ግን 14 ልብስ ተሰፍቶ የአራቱ ዋጋ በዱቤ ከቀረ 1,200 ብር ጎደለ፤ ይኸውም የቤቱ ወጪ ነው። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ ገቢ ተብሎ የሚጻፈው የተሰፋው ሳይሆን የተከፈለው ይሁን። ልኩ ሲወሰድ ግማሹ ቀብድ ይከፈል፤ ቀሪው ልብሱ ሲነሣ። ሥራው እየታመመ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ግድግዳው ላይ ነው፦ አልቆ የተሰቀለው፣ ባለቤቱ ያልወሰደው ልብስ ከሳምንት ሳምንት እየበዛ ከሄደ ገንዘቧ እዚያ ተንጠልጥሏል።

የመኪናውን ግዢ በአጭሩ ልንገራችሁ። መብራት በሚጠፋበት አገር የእግሩ መኪና ይመረጣል። አሮጌ ከሆነ በነጠላ ጨርቅ አትሞክሩት፤ አቡጀዲ አራት እጥፍ አድርጋችሁ ስፉበት። ስፌት የሚዘል ከሆነ መጀመሪያ አዲስ መርፌ አስለውጡ፤ ያም ሆኖ ከዘለለ ተዉት። ከሥር በኩል ክሩ እየተንዠረገገ ከወጣ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክር ላልቶ ነው፤ እሱ ስለሚጠብቅ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል እንጂ አያስፈራም።

እንግዲህ ገጹ ይህን ይመስላል፤ ላንብብላችሁ።

«በቤቴ የልብስ ስፌት ለመሥራት 20,000 ብር ብድር እጠይቃለሁ። ከራሴ 4,000 ብር አዋጣለሁ። በድምሩ መኪና፣ የመቁረጫና የመተኮሻ ዕቃ፣ እንዲሁም ክርና ቁልፍ እገዛለሁ፤ የዋጋ ወረቀቱ ተያይዟል። ጨርቁን ደንበኛው ያመጣል። በወር 16 ቀን እሠራለሁ፤ በደህና ወር 14 አዲስ ልብስና 20 ጥገና፣ ገቢ 5,000 ብር፣ የሥራ ወጪ 700 ብር፣ የቤት ወጪ 1,200 ብር፣ ለብድሩ ክፍያና ለመጠባበቂያ የሚቀር 3,100 ብር። በሐምሌና በነሐሴ ለክፍያ የሚቀረኝ በወር 200 ብር ብቻ ስለሆነ ጉድለቱን 3,534 ብር ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በቁጠባ ደብተሬ አስቀምጣለሁ። ቀብድ ሳልቀበል አልሰፋም። ብድሩ በጥቅምት ወር እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።»

ይኸው ነው፤ ገጹ እንኳ አልሞላም። ክረምቱን ራሷ ጽፋ ስላቀረበች አበዳሪው «በሐምሌስ?» ብሎ ሲጠይቅ አትደነግጥም። የተፈረመበትን ቅጂ ከቁጠባ ደብተሯ ጋር ታስቀምጠው፤ በየወሩ መጨረሻም በተጻፈው ቁጥር አጠገብ የሆነውን ቁጥር ትጻፍበት። መጻፍ የማይሆንላት አባል ካለች ከእሑድ ስብሰባ በኋላ የዕድሩ ጸሐፊ ይጽፍላታል፤ ቁጥሩን ግን እሷው ትንገረው።